የግል ማኅደራችሁ ውስጥ ምን አለ? ማን ያየዋል? እስከ መቼስ ይቆያል?

ከሰው ኃይል ክፍል
ለሜክሲኮው ዋና ቢሮ እና ለስታዲየሙ ሱቅ ሠራተኞች በሙሉ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ የሥራ ባልደረቦቻችን፣

ጥቅምት ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለሒሳብ ክፍል ብቻ መላክ የነበረበት የፔሮል ሠንጠረዥ በስህተት የሁላችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ተሰረዘ፤ ግን ያየ አየ። ጥፋቱ የእኛ ክፍል ነው፤ ይቅርታ ጠይቀናል፣ አሁንም እንጠይቃለን። ይህን ማስታወቂያ የጻፍነው በዚያ ምክንያት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ስለያዝነው መረጃ በግልጽ እንድንነግራችሁ ያስገድደናል። ከጥር 1 ቀን 2018 ጀምሮ የምንሠራው እንደሚከተለው ነው።

ምን እንይዛለን

በእያንዳንዳችሁ ስም አንድ ማኅደር አለ። ውስጡ የሥራ ማመልከቻችሁ፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒ፣ የቅጥር ውል፣ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ፣ የግብር ከፋይና የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትና ማስጠንቀቂያ (ካለ) ይገኛሉ። አደጋ ቢደርስ የምንደውልለት ሰው ስልክም አለ። መግቢያ በር ላይ የምትነኩት የጣት አሻራ ማሽን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይመዘግባል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የዋሱን ወረቀት ነው። ስትቀጠሩ ዋስ አምጡ ብለናችሁ አጎታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ መታወቂያውን፣ ፎቶውንና የደመወዝ ማስረጃውን ሰጥቶናል። እሱ የእኛ ሠራተኛ አይደለም። የእሱም መረጃ ግን እንደ እናንተው ይጠበቃል። ይህን ማስታወቂያ አሳዩት።

ሃይማኖታችሁን፣ ብሔራችሁንና የፖለቲካ አቋማችሁን አንጠይቅም። በድሮው ፎርም ላይ "ሃይማኖት" የሚል መስመር ነበር። አውጥተነዋል፤ ቀድሞ የተሞላውንም በጥቁር ማርከር እየሰረዝን ነው።

ማን ያየዋል

ሙሉ ማኅደሩን የሚያዩት የእኛ ክፍል ሁለት ሠራተኞችና ዋና ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው። ወረቀቱ 3ኛ ፎቅ ላይ ባለው የብረት ካቢኔት ተቆልፎበታል። ማኅደር ያወጣ ሰው ስሙን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን መዝገብ ላይ ይጽፋል።

የቅርብ አለቃችሁ የሚያየው የፈቃድ፣ የሰዓትና የአፈጻጸም መረጃችሁን ብቻ ነው። የሕመም ፈቃድ ስትወስዱ ለእሱ የሚደርሰው የቀኑ ብዛት ነው፤ ሐኪሙ የጻፈው የበሽታ ስም አይደርሰውም። የሕክምና ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ ለብቻው ይቀመጣል። ሒሳብ ክፍል ደመወዛችሁን፣ ግብራችሁንና የጡረታ መዋጮውን (ከእናንተ 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ) ያያል። ፔሮሉ ከአሁን በኋላ በቴሌግራም አይላክም።

ከድርጅቱ ውጭ ለገቢዎች፣ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱና ደመወዝ ለሚገባበት ባንክ የሚያስፈልገው ይላካል። ፍርድ ቤት ወይም ፖሊስ የሚጠይቀን በሕጋዊ ደብዳቤ ነው። ባንክ ደውሎ "እገሌ ስንት ይከፈለዋል?" ቢለን መልስ አንሰጥም። ብድር ከፈለጋችሁ እናንተው በጽሑፍ ጠይቁን፤ ደብዳቤውን በእጃችሁ እንሰጣለን።

እስከ መቼ

የደመወዝና የግብር ሰነድ 10 ዓመት ይቆያል። የቅጥር ውልና የአገልግሎት ዘመን ማስረጃንም ከለቀቃችሁ በኋላ 10 ዓመት እንይዛለን፤ ከስንት ጊዜ በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ማስጠንቀቂያ ከ2 ዓመት በኋላ ከማኅደሩ ይወጣል። ተወዳድረው ያልተቀጠሩ ሰዎችን ማመልከቻ ከ6 ወር በኋላ እንቀዳድዳለን። የጣት አሻራ የመጨረሻ የሥራ ቀናችሁ ላይ ይሰረዛል። የዋስ ወረቀት ክሊራንስ እንደጨረሳችሁ ይመለሳል። የካሜራ ምስል በ30 ቀን ራሱን ይሰርዛል፤ ሻይ የምንጠጣበት ክፍል ውስጥ ካሜራ የለም።

ማኅደራችሁን ለማየት

ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ኑ። ምክንያት አንጠይቅም፣ ኮፒውም በነፃ ነው። ስማችሁ በስህተት ተጽፎ ከሆነ፣ ሳታገቡ "ባለትዳር" ተብላችሁ ከሆነ፣ የቆየ ስልክ ከሆነ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በ15 ቀን ውስጥ እናርማለን ወይም ለምን እንደማናርም በጽሑፍ እንነግራችኋለን። መረጃችሁ ዳግም ሾልኮ ቢወጣ ባወቅን በ72 ሰዓት ውስጥ ትሰማላችሁ፤ መጀመሪያ የምትሰሙትም ከእኛ እንዲሆን እንፈልጋለን። መልሳችን ካላረካችሁ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት ማለት መብታችሁ ነው። አቤት ያለ ሰው ማኅደሩ ላይ ምንም አይጻፍበትም።

ከዚህ ጋር የተያያዘውን ወረቀት እስከ ጥር 15 ፈርማችሁ መልሱ። ፊርማችሁ ማንበባችሁን ብቻ ያሳያል፤ በሁሉም ነገር ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም።

የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ