የማሙሽ የሳምንት የምግብ ዕቅድ፦ 10 እንቁላል፣ 1,400 ብር፣ አንድ ምድጃ

ማሙሽ፣ በስልክ «ፕሮቲን እንዳላጣ በየቀኑ አምስት አምስት እንቁላል ልብላ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አትብላ። ጉዳት ኖሮት አይደለም፤ ሂሳቡ ስለማያዋጣህ ነው። የግቢውን ምግብ ትተህ ነን ካፌ ከወጣህ ወዲህ ለምግብ የያዝከው በሳምንት 1,400 ብር ነው። በቀን አምስት እንቁላል ከበላህ 600 ብር ገደማ እዚያው ይቀራል፤ በቀረው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ደረቅ ዳቦ ስትገምጥ ልትከርም ነው። በሳምንት አሥር ይበቃሃል። ሽሮና ምስሩ ሆድህን ይይዙልሃል፣ እንቁላሉ ደግሞ የጎደለውን ይሞላል።

ዋጋውን ትናንት እዚያው ሽሮ ሜዳ ዞሬ ጠይቄልሃለሁ። 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን 510 ብር ነው፤ አንዱ 17 ብር መጣ ማለት ነው። ሱቅ በነጠላ ከገዛኸው 19 ይሉሃል። ካርቶኑን ከክፍል ጓደኛህ ጋር ለሁለት ግዙት፣ አሥር ቀን ይሄድላችኋል። የፈረንጁን ግዛ። የሀበሻው አስኳሉ ያምራል፣ ጣዕሙም ይበልጣል፤ ግን ያንሳል፣ ዋጋውም ይወደዳል። እሱን ለበዓል ቤት ስትመጣ እማዬ ትሰጥሃለች።

አሁን አንድ ግራም ፕሮቲን ስንት ብር እንደሚያወጣ ተመልከት። አንድ የፈረንጅ እንቁላል ወደ 6 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ግራሙ 2 ብር ከ80 ሳንቲም ገደማ ነው። ምስር በኪሎ 220 ብር ነው፣ ከሩብ ትንሽ የሚያንሰው ክብደቱ ፕሮቲን ስለሆነ ግራሙ ከአንድ ብር በታች ይወርዳል። ሽሮ ገዝተህ ቢሆን እንኳ ከአንድ ብር ከሃምሳ አይዘልም፤ ያንተ ደግሞ ከቤት የመጣ ነው። የበሬ ሥጋ ኪሎው 1,000 ብር ከገባ ግራሙ 5 ብር ይደርሳል። እንቁላል እንግዲህ መሀል ላይ ነው፦ ከሥጋ ይረክሳል፣ ከጥራጥሬ ይወደዳል። ታዲያ ለምን ገዛነው ካልክ፣ ጥራጥሬ ውስጥ ፈጽሞ የሌለው ቫይታሚን ቢ12 አለው፣ ፕሮቲኑም ሙሉ ነው። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ደክሞህ ከላይብረሪ ስትመጣ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል። ሽሮ ብቻ የበላ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት ምግብ ቤት ገብቶ 200 ብር ጥሎ ይወጣል።

ክብደትህ 58 ኪሎ ነው። ለአንድ ጤነኛ አዋቂ በኪሎ 0.8 ግራም ስለሚታሰብ በቀን ከ46 ግራም በላይ ካገኘህ በቂህ ነው። ጂም ከጀመርክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ ምስሩን ጨምርበት።

የሳምንቱ አስቤዛ

እንቁላል 10 — 170 ብር
እንጀራ 10 — 250
ዳቦ 12 — 120
ቀይ ሽንኩርት አንድ ኪሎ ተኩል — 120
ድፍን ምስር ግማሽ ኪሎ — 110
ፓስታ አንድ እሽግ — 80
ዘይት ሩብ ሊትር — 75
ቲማቲም አንድ ኪሎ — 70
ባቄላ ግማሽ ኪሎ — 70
ስኳርና ሻይ ቅጠል — 60
ድንች አንድ ኪሎ — 50
ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ — 40
ጎመን — 30

1,245 ብር ሆነ። ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ከእማዬ ነው። የቀረችውን 155 ብር ለሎሚ፣ ለሙዝና ለአቮካዶ አድርጋት፤ ለስልክ ካርድ እንዳትነካት።

ሰኞ
ጠዋት እንቁላል ፍርፍር በሁለት ዳቦ። አንድ ቀይ ሽንኩርት ቀቅለህ ሳይሆን በዘይት አቁላልተህ፣ አንድ ቲማቲም ጨምረህ ውሃው እስኪመጥ ጠብቅ፤ ቲማቲሙ ሳይመጥ እንቁላል ከጨመርክ ሾርባ ይሆንብሃል። ሁለቱን እንቁላል መትተህ ጨምር፣ ቃሪያውን መጨረሻ ላይ። ገና እርጥብ ሲል አውርደው፣ በመጥበሻው ትኩሳት ይጨርሳል። ምሳ ሽሮ በአንድ ተኩል እንጀራ፤ ለነገም የሚተርፍ አድርገህ ሥራው። ማታ ፓስታ በቲማቲም ስልስ። የቀኑ ፕሮቲን 60 ግራም አካባቢ ይመጣል።

ማክሰኞ
ከጠዋት እስከ ማታ ትምህርት ያለህ ቀን ስለሆነ ማብሰል አይታሰብም። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ አንድ ቅቅል እንቁላል ደግሞ በሚጥሚጣ ጠቅልለህ ቦርሳህ ውስጥ። ምሳ የሰኞ ሽሮ ፍትፍት። ማታ ድንች በእንቁላል፦ ሁለት ድንች በትንንሹ ከትፈህ በሽንኩርት አብስል፣ ሲለሰልስ አንድ እንቁላል ላዩ ላይ ሰብረህ ክደነው። ፕሮቲኑ ከሚያንስባቸው ቀናት አንዱ ይህ ነው፣ ለጥቂት 46 ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ያቺን የቦርሳ እንቁላል ለጓደኛ እንዳትሰጥ።

ስለ ቅቅል አንድ ነገር ልንገርህ። ኢንተርኔት ላይ «ስምንት ደቂቃ ቀቅል» የሚሉት ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ቢንተከተክም ያን ያህል አልሞቀም። አስኳሉ እንዲጠጥርልህ ውሃው ከፈላ በኋላ 13 ወይም 14 ደቂቃ ስጠው፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ ልጣጩ ሳያስቸግር ይወጣል። ባቄላውም የሚያስቸግርህ በዚሁ ምክንያት ነው።

ረቡዕ
ጾም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆየህ በኋላ ምስር ወጥ በጎመን፣ አንድ ተኩል እንጀራ። ሩብ ኪሎውን ምስር በሙሉ ሥራው፣ የሐሙስም ምሳ ነው። ማታ ፉል በዳቦ። ባቄላውን ከማክሰኞ ማታ ጀምረህ ዘፍዝፈው፤ ሳይዘፈዘፍ ምድጃ ላይ ከጣድከው ግማሽ ቀን ይፈጅና አከራይህ እትዬ በመብራት ቆጣሪው ይመጡብሃል፣ እውነታቸውንም ነው። እንቁላል ስለሌለ ፕሮቲን የሚያንስ እንዳይመስልህ፤ ምስርና ባቄላ በአንድ ቀን ስለዋሉ ይህ ቀን ከሰኞም ይበልጣል።

የክፍል ጓደኛህ ረቡዕና አርብ ስለማይጾም የሱን እንቁላል እነዚያን ቀናት ያድርገው። የጾሙን መጥበሻ ለዩት፣ በኋላ እንዳትነታረኩ።

ሐሙስ
ጠዋት የረቡዕ ፉል በደንብ ፈልቶ፣ ላዩ ላይ አንድ ቅቅል እንቁላል ተከትፎ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ጠብ ተደርጎበት፣ በሁለት ዳቦ። በኔ ቤት ከአሥሩ እንቁላል ሁሉ ቦታውን ያገኘው ይሄኛው ነው፤ አንዲቷ ሳህኑን ሙሉ ታጣፍጠዋለች። ምሳ የምስር ወጥ በእንጀራ ፍርፍር። ማታ ፓስታ፦ ውሃውን አጥልለህ፣ ድስቱን ከምድጃው አውርደህ፣ አንድ የተመታ እንቁላል በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ ዘይት አድርገህ ቶሎ ቶሎ አማስለው። እሳት ላይ እያለ ከጨመርከው ይረጋብሃል። ከዚያ ግን ለግማሽ ደቂቃ ያህል በለሰለሰ እሳት መልሰው፣ እንቁላሉ ጥሬ እንዳይቀር።

አርብ
ጾም። አዚፋ፣ በተቀቀለው ምስር ላይ ሎሚ፣ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ። ማታ ሽሮ፣ ከዳቦ ጋርም ይሄዳል።

ቅዳሜ
ዶሮ የሌለበት ዶሮ ወጥ። ከጓደኛህ ጋር ሆናችሁ አራት እንቁላል፣ ሁለት ሁለት ይደርሳችኋል። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት አድቅቀህ ያለ ዘይት ድስት ላይ ጣደው፤ እሳቱን ቀንሰህ እያማሰልክ፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረግክ፣ ቡናማ እስኪሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሥ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ወጡ ሽንኩርት ሽንኩርት ይለዋል። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ውሃ። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ሲተው ተቀቅለው የተላጡትን እንቁላሎች በቢላ አራት ቦታ በስሱ ጫር ጫር አድርገህ ክተታቸው፤ ወጡ ወደ ውስጥ ይገባላቸዋል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። እማዬ የሰጠችህ ቅቤ ካለ የሚወጣው ዛሬ ነው። ቁሌቱ እንዲተርፍ አድርገህ ሥራው፣ እንቁላሎቹ ግን ዛሬውኑ ይበሉ፤ ፍሪጅ የለህም።

እሑድ
ከቅዳሴ መልስ እንቁላል ሳንዱች፦ ሁለት እንቁላል በሽንኩርትና በቃሪያ መትተህ፣ እንደ ቂጣ ጠብሰህ፣ ዳቦውን ሰንጥቀህ መሀሉ። ሰፈር ውስጥ ከሚሸጠው በግማሽ ዋጋ ያልቅልሃል። ማታ የቅዳሜ ቁሌት በእንጀራ። ልብስ ስታጥብ ስለምትውል ሌላ ነገር አልጻፍኩብህም።

እንቁላሉን ስታመጣ አትጠበው፤ ልጣጩን የሚከላከለው ስስ ነገር በውሃ ይለቅና ቶሎ ይበላሻል። ምድጃው አጠገብም አታስቀምጠው፣ አልጋ ሥር ቀዝቃዛ ነው። ከተጠራጠርክ ውሃ ውስጥ ክተተው፦ ከተኛ ትኩስ ነው፣ ከቆመ ሰንብቷል፣ ቶሎ ቀቅለህ ብላው፣ ከተንሳፈፈ ጣለው። ጂም የሚሄዱት ልጆች ጥሬውን ሲጠጡ አይተህ እንዳትቀና፤ በሽታው ይቅርና ሰውነት ከበሰለው የሚያገኘውን ያህል ፕሮቲን ከጥሬው አያገኝም። ደግሞ ምግብ እንደበላህ ወዲያው ሻይ አትጠጣ፣ ከምስሩና ከሽሮው የምታገኘውን ብረት ይወስድብሃል። አንድ ሰዓት ቆይ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ይህ ዕቅድ ከረቡዕና ከአርብ በቀር ይፈርሳል፤ ያኔ ሌላ እልክልሃለሁ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና አርብም ስለማይጾም እንቁላሉን ወደዚያም በትነው። ለፋሲካና ለገና ዋዜማ ዋጋው ስለሚንር ካርቶኑን ከበዓሉ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ግዙ።

መብራት ከጠፋ አትደንግጥ፣ ሁልጊዜ ሁለት እንቁላል ቀድመህ ቀቅለህ ከነልጣጩ አስቀምጥ፣ ለዚያው ቀን። ሽሮው ግማሽ ሲደርስ ደውል፤ እማዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አላት።