ለቤት ኪራይ ጭማሪው መልእክት የተጻፈ መልስ

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ደብረ ብርሃን

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ግርማ

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ። እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ ደኅና ናቸው? የጉልበታቸው ሕመም ተሻላቸው? እኛም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ግቢውም ሰላም ነው።

ትናንት ማታ ለመስፍን የላኩለትን መልእክት እሱ ሥራ ላይ ስለነበር ስክሪንሾት አድርጎ ላከልኝ። መልሱን እኔ የምጽፍልዎ ተነጋግረንበት ነው፤ የሁለታችን ቃል አድርገው ይቀበሉት። ስክሪንሾቱ ከታች ስለተቆረጠ የመጨረሻው መስመር አይታይም። ስለዚህ እኔ ያየሁትን እንዳለ ልገልብጠው፤ የጎደለ ካለ ይሙሉልኝ።

«ሰላም መስፍን። ኑሮው እንደምታየው ነው። ከ1 ጀምሮ ቤቱ 9500 ነው መብራት ውሃ። የ6 ወር ቅድሚያ ትከፍላላችሁ። እስከ 20 አሳውቁኝ ካልሆነ ሰው አለ ስለ»

እዚህ ላይ ይቆረጣል። «ከ1 ጀምሮ» ያሉት የካቲት 1 ማለትዎ፣ «እስከ 20» ያሉት ደግሞ ጥር 20፣ የፊታችን ረቡዕ ማለትዎ እንደሆነ ነው የተረዳነው። ያልገባን «9500 ነው መብራት ውሃ» የሚለው ነው። መብራትና ውሃ በ9,500 ውስጥ ገብተው ነው ወይስ ከዚያ ሌላ የሚከፈሉ ናቸው? እስካሁን ኪራዩ 6,500 ሆኖ የካርዱንም የውሃውንም ድርሻችንን ለብቻ ነው የምናዋጣው። ይህ ሳይለይ ጭማሪው ስንት እንደሆነ በትክክል ማወቅ ስለማይቻል፣ አንዲት ቃልም ብትሆን ይመልሱልን።

ጋሼ፣ ጭማሪ ማሰብዎ አልከፋንም። ቆርቆሮውም ሲሚንቶውም የቀን ሠራተኛውም ዋጋው የት እንደደረሰ እኛም ገበያ ስንወጣ እናያለን። ከመስከረም 2017 ጀምሮም በዚያው በ6,500 አኑረውናል፤ ለዚህ እናመሰግናለን። ምንም አንጨምርም የሚል አሳብ የለንም። የከበደን መጠኑና ጊዜው አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ከ6,500 ወደ 9,500 ሲሆን በወር 3,000 ብር፣ 46 በመቶ ገደማ ነው። በዚያ ላይ የስድስት ወር ቅድሚያ ሲታሰብ በአንድ ጊዜ 57,000 ብር ይሆናል። ይህን በሁለት ሳምንት ውስጥ ማግኘት አንችልም። እችላለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶ በኋላ ማጉላላት ደግሞ ለእርስዎም አይበጅም።

ስለዚህ የምንችለውን በቁጥር እናቅርብ። የየካቲትን ኪራይ እንደተለመደው 6,500 ብር እስከ ወሩ 5 ድረስ እናስገባለን። ከመጋቢት 1 ጀምሮ 7,500 ብር እንከፍላለን፤ ይህ ከ15 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 2019 ጀምሮ ደግሞ 8,200 ብር እናደርሰዋለን፤ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም 2020 ድረስ በዚያው ይቆይ። መብራትና ውሃ እንደ እስካሁኑ ድርሻችንን ለብቻ እናዋጣለን። ቅድሚያ ክፍያ በሚለው የመጋቢትንና የሚያዝያን፣ 15,000 ብር፣ ውሉ በተፈረመ ዕለት በባንክ እናስገባለን።

ቅድሚያውን ሁለት ወር ያልነው አቅማችን እዚያ ድረስ ስለሆነ ነው፤ ሌላም ምክንያት አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ይላል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ፣ ለእኛ ከተማ እንዴት እንደሚፈጸም ቀበሌ አብረን ሄደን ብንጠይቅ ለሁለታችንም ጥሩ ነው። ይህን የጠቀስኩት በሕግ ላስፈራራዎ ብዬ አይደለም፤ እንደ አባት የምናይዎ ሰው ነዎት። ግን ሳናውቅ ተስማምተን ቆይቶ ለእርስዎም ለእኛም ጣጣ እንዳይሆን ነው።

ውሉም መታደስ አለበት። በእጃችን ያለው መስከረም 1 ቀን 2017 በሁለት ምስክር ፊት የተፈረመው ወረቀት ነው፤ የሚለው አንድ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በቃል ቀጥለናል። አሁን እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የሚያነታርከው ይኸው ነው፤ መቼ ሊጨመር እንደሚችል፣ ስንት ቀን አስቀድሞ መነገር እንዳለበት የትም አልተጻፈም። አዲሱ ውል የሁለት ዓመት ይሁንና ኪራዩን በአኃዝም በፊደልም፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ ሂሳቡ የሚገባበትን ቁጥር፣ መብራትና ውሃ የማን እንደሆነ፣ ለመልቀቅም ለማስለቀቅም የሁለት ወር ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ ያስገባ። በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለሚያስመዘግበው ጽሕፈት ቤት። የማዘጋጃውን ወጪ እኛ እንችላለን።

የቤቱን ሁኔታም ሳልነግርዎ ባልፍ ልክ አይሆንም፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ከሱ ጋር ይያያዛል። በጓሮ በኩል ያለው አሸንዳ ማዕዘኑ ላይ ተለያይቷል። ክረምት ላይ የጣሪያው ውኃ በሙሉ እዚያች አንድ ቦታ ላይ ነው የሚወርደው፤ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ልስኑ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ተልጧል፣ ከውስጡ ጭዱ ይታያል። ዘንድሮ ሐምሌ ሳይገባ ካልተያዘ እንጨቱ መበስበስ ይጀምራል፤ ያኔ የሚጠይቀው ልስን ሳይሆን ማገር መቀየር ነው። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ሁለት ሜትር አሸንዳ፣ ሁለት መያዣ፣ ውኃውን እስከ ቦዩ የሚያወርድ አንድ ቱቦ፣ ከታች ለግድግዳው ጥቂት ሲሚንቶና አሸዋ። ጣሪያው ላይም የምስማሮቹ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንዳንዱን ምስማር በጣት ቢነቀንቁት ይዞራል፤ በዚያ በኩል ነው ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ክብ የሠራው። በዚህ በጥር ብርድ ደግሞ ሌሊት ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበውና ማለዳ ፀሐይ ሲመታው ይንጠባጠባል። ይህኛው የዝናብ አይደለም፤ ከጣሪያው ሥር አየር መውጫ ቢበጅለት ይቀንሳል።

ዕቃውን እርስዎ ይግዙ፣ የሠራተኛውን እኛ እንክፈል። ወይም ዕቃውንም እኛ ገዝተን ደረሰኙን በፎቶ እንላክልዎና ከአንድ ወር ኪራይ ላይ ይታሰብልን። የትኛውንም ይምረጡ፤ ያለ እርስዎ ፈቃድ ግን አንድ ምስማር አንነካም። እስከ ግንቦት 30 ቢያልቅ ክረምቱን በሰላም ይወጣል።

መብራቱ ትንሽ አስቸጋሪ ነው። ሦስታችንም ቤት በአንድ የካርድ ቆጣሪ ነን። የምናዋጣው በቤት እኩል ነው፤ ግን አንዱ በየሁለት ቀኑ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል፣ ሌላው በሳምንት አንዴ። ሁለት ምጣድ አብሮ ሲጣድ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ካርዱ ማታ ሲያልቅም ግቢው ሁሉ ይጨልማል። መዋጮው ሁልጊዜ ቅሬታ ያስነሳል። ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለየቤቱ አንዳንድ ትንሽ ቆጣሪ ቢገባ ሁሉም ባነበበው ልክ ይከፍላል። የእኛን ቆጣሪ ዋጋ እኛ እንሸፍናለን፤ ስንለቅ እዚያው ይቀራል። የገመዱን ሥራ ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ አሁን ያለው ሽቦ ለምጣድ ይቀጥናል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም ይሞቃል።

ጋሼ፣ «ሰው አለ» ማለትዎን አንብበናል። ቤቱ የእርስዎ ነው፣ የተሻለ የሚከፍል ቢመጣ ማሰብዎ አይገርምም። ብቻ አንድ ነገር ያስቡልን። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 6,500 ብር ይሄዳል፤ ለአዲስ ሰው ቀለም መቀባትና የደላላም ወጪ ይኖራል። እኛ ደግሞ ኪራይ ያሳለፍንበት ወር የለም፤ ሁሉም ክፍያ በባንክ ስለሆነ የወሩ ስም ተጽፎበት ማስረጃው በሁለታችንም እጅ አለ።

ያቀረብነው ባይስማማዎ እንኳ በ20 ልቀቁ እንዳይሉን አደራ። ልጆቹ ትምህርት ላይ ናቸው፤ በዓመቱ መካከል ሰፈር መቀየር ማለት ለትንሿ ትምህርት ቤት መቀየር ማለት ነው። ቢቻል ትምህርት እስኪዘጋ ሰኔ 30 ድረስ በ7,500 ያቆዩን። ይህ ካልሆነም ከየካቲት 1 ጀምሮ የሁለት ወር ጊዜ ይስጡን፣ እስከ መጋቢት 30። በዚያ ጊዜ ኪራዩን በየወሩ እንከፍላለን። በመልቀቂያው ቀን ቆጣሪውን አብረን አንብበን፣ ክፍሎቹን አብረን አይተን ቁልፉን በእጅዎ እናስረክባለን።

የፊታችን እሑድ ጥር 17 ለቅዳሴ ከደብረ ሲና የሚመጡ ከሆነ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቤት ይዝለቁ። ቡና አፍልተን እንጠብቅዎ፤ አሸንዳውንም በዓይንዎ ያዩታል። መምጣት ካልተመቸዎ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ መስፍን ይደውልልዎታል፤ የተስማማነውን በዚያው ቀን በጽሑፍ እልክልዎና «ተስማምቻለሁ» ብለው ይመልሱልኛል። እስከዚያ ድረስ ለሌላ ሰው ቃል እንዳይሰጡብን፣ የተቆረጠውንም የመልእክትዎን መጨረሻ እንዲልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እትዬን ሰላም ይበሉልን።

አክባሪዎ
ብርቱካን፣ የመስፍን ባለቤት