የአባይ ማዶ መጋዘን የዕቃ አቀባበል አሰራር

ከጥቅምት 1/2018 ጀምሮ ስቶር ኪፐር፣ ረዳት፣ ቆጣሪና ጥበቃ ሁላችሁም በዚህ ነው የምትሰሩት። ዋናው ነገር አንድ ነው፦ ሳይቆጠርና ሳይታይ ማንም አይፈርምም። ሹፌሩ ቸኩያለሁ ቢል፣ አዲስ አበባ ዛሬ ልመለስ ነው ቢልም ውሃ ስጡት ጥላ ስር አስቀምጡት ግን እንዳትፈርሙ፣ አንዴ ከፈረማችሁ ጉድለቱ የእኛ ነው የሚሆነው።

መኪና ከመምጣቱ በፊት
ግዢ ክፍል የሚመጣውን ዕቃ ከአንድ ቀን በፊት ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይፅፋል። ያልተፃፈ ዕቃ ከመጣ ሳይወርድ ስራ አስኪያጁ ጋ ይደወላል። ክረምት ላይ የሚቻል ከሆነ ጭነት ጠዋት ይግባ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣል ሸራ ተከፍቶ ሩዝ ማውረድ አይሆንም። ቦታ ቀድሞ ይጠረግ፣ ፓሌት ይዘርጋ።

በር ላይ
ጥበቃ የታርጋ ቁጥርና ሰዓት ይመዘግባል። ስቶር ኪፐሩ የማስረከቢያ ሰነዱን ተቀብሎ ከግዢ ትዕዛዙ ጋር ያስተያያል፦ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ የማሸጊያው መጠን። ባለ 5 ሊትር ዘይት ታዞ ባለ 3 ሊትር ቢመጣ የካርቶኑ ቁጥር ልክ ስለሆነ ብቻ ዝም ተብሎ አይገባም። ከዛ ሸራው ከመነሳቱ በፊት ዞራችሁ እዩት፣ ተቀዷል ወይ፣ ውሃ ያቆረበት ቦታ አለ ወይ፣ ሲከፈት ደግሞ አሽትቱ። መኪናው ከዚህ በፊት ናፍታ ወይ የተባይ መድኃኒት ጭኖ ከነበረ ዱቄት ሽታውን ይዞ ይቀራል፣ እንደዚህ የሸተተ ነገር ካለ ማውረድ ይቁም፣ ፎቶ፣ ስልክ።

ሲወርድ
ቆጣሪውና መዝጋቢው አንድ ሰው አይሁኑ። ቆጣሪው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ መዝጋቢው በየ10ሩ ጭረት ያደርጋል፣ ፓሌት ሲሞላ ሁለቱ ተያይተው ቁጥሩ ፓሌቱ ላይ ይፃፋል። በቃል ይዞ ማታ መፃፍ የለም።

የፎገራ ሩዝ ላይ ጠንከር በሉ። የታችኛው ረድፍና የሸራው ጠርዝ ጋ ያለው ነው ብዙ ጊዜ የሚረጥበው። የማዳበሪያውን ታች በእጃችሁ ዳስሱ፣ ከ10 ማዳበሪያ አንዱን መዝኑ። ከ50 ኪሎ ግማሽ ኪሎ የጎደለ አንድ እንኳ ከተገኘ ሁሉም ይመዘናል። ግን ሚዛኑን ብቻ አትመኑ፣ እርጥብ ሩዝ ይከብዳል ስለዚህ ጎዶሎው ማዳበሪያ ሙሉ መስሎ ሊያልፍ ይችላል። ከመሃል ጥቂት አውጡና በጥርስ ንከሱት፣ ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ለስለስ ካለ ወይ ሻጋታ ከሸተተ ወይ ነቀዝ ካለ ለብቻ ይቀመጥ። ዘይት ከሆነ ጀሪካኑን አዘንብሉና ክዳኑን እዩ፣ ካርቶኑ ታች ላይ ቅባት ካለ ውስጡ የፈሰሰ አለ ማለት ነው፣ ይከፈት።

የማብቂያ ቀን
እዚህ ላይ አደራ። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ ያለው ቀን በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ 2026 የሚለውን በእኛ አድርጎ ያነበበ ሰው ገና ስምንት ዓመት አለው ብሎ ያስገባዋል። 5/8/2026 ደግሞ ሜይ 8ም ኦገስት 5ም ሊሆን ስለሚችል የምርት ቀኑን አይታችሁ ለዩ፣ ካልተለየ የቅርቡን ውሰዱ። መዝገብ ላይ እንደታተመው ፃፉና ጎኑ ላይ እ.ኤ.አ. በሉ፣ ወደ እኛ መቀየር አያስፈልግም፣ ስህተት የሚገባው ሲቀየር ነው። ከ3 ወር በታች የቀረው ያለ ስራ አስኪያጁ ፈቃድ አይገባም።

ልዩነት ሲኖር
የተበላሸውና አጠራጣሪው ቀይ መስመር ውስጥ ይቀመጣል፣ ከደህናው ጋር አይቀላቀልም፣ አይሸጥም። ፎቶው ሹፌሩ ሳይሄድ ይነሳ። ከዛ በሰነዱ በሁሉም ቅጂ ላይ ይፃፍና ሹፌሩም ይፈርምበት። አፃፃፉ እንዲህ ነው፦

«ጥቅምት 12/2018፣ ጠዋት 3:20። ሩዝ ባለ 50 ኪሎ። በሰነድ 120፣ የተቆጠረ 119፣ ጉድለት 1። እርጥብ 3፣ ለብቻ ተቀምጧል። የተቀበልነው 116።»

«በጥሩ ሁኔታ ደርሷል» የሚል ነገር ብቻ ፅፎ መፈረም ክልክል ነው። ሹፌሩ አልፈርምም ካለ እሱም ይፃፍ፣ ቆጣሪውና ጥበቃው በምስክርነት ይፈርሙ። ሹፌሩን መሳደብና መጨቃጨቅ የለም፣ እሱ የጫኑለትን ነው ያመጣው።

ምዝገባ
የገቢ ደረሰኙ የሚቆረጠው በተቀበልነው ቁጥር ነው እንጂ በሰነዱ ቁጥር አይደለም። ሶስት ቅጂ፦ አንዱ ለሹፌሩ፣ አንዱ ለሂሳብ ክፍል፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዝና ጎኑ ላይ ይፈረም፣ ፍሉድ አይቀባም ገፅም አይቀደድም።

ዕቃው ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ርቆ ፓሌት ላይ ይደርደር፣ ሳሙናና ኦሞ ከሩዝና ዱቄት ማዶ ጥግ ይሁን። ቀኑ የሚቀድመው ፊት ለፊት ይቀመጥ። ቢን ካርዱ በዛው ቀን መጋዘኑ ከመዘጋቱ በፊት ይሞላል፣ መብራት ከጠፋ ኤክሴሉ ለነገ ይደር፣ ካርዱ ግን በእጅ ስለሆነ አያድርም።