ያልተጻፈው የድሬ ታሪክ ማን ዘንድ አለ?

እንደምን አመሻችሁ! አካም ኦልተን! ሀቤን ወናግሰን! ሰላም አለይኩም!

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የከዚራም የመጋላም ልጆች፣ በዚህ ሙቀት ደጃፋችሁ ላይ ነፋስ መቀበል ትታችሁ እዚህ አዳራሽ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ዛሬ የመጣሁት ግን ልለምናችሁ ነው። የምለምናችሁን ከመናገሬ በፊት ምክንያቴን ላስረዳ።

የድሬዳዋ ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው ባቡሩ ነው። ልክ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ሐረር እንዳይወጣ ተራራው አስቸገረ፣ ወጪውም ከበደ። ስለዚህ ባቡሩ ከተራራው ሥር ቀረ፣ በዙሪያውም ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሉት ነበር። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ቆመ፣ እንደገና ተጀመረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህን ሁሉ የምናውቀው ስለተጻፈ ነው። ውሉ፣ ብድሩ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ሽኩቻ፣ ሁሉም ወረቀት ላይ አለ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ድንጋዩን የፈለጡት እነማን ናቸው? ማታ የት ያድሩ ነበር? ማን ነበር የሚያበስልላቸው? በዚህ በረሃ ሲሞቱ የት ተቀበሩ? ግመሉን ሲጠብቅ ያደገው እረኛ ያ ጭስ የሚተፋ ብረት በግጦሹ መሃል ሲያልፍ ምን አለ? ለልጁስ ምን ብሎ ነገረው? የኩባንያው ወረቀት ይህን አይነግረንም። ሊነግረንም አልተጻፈም። የተጻፈው ገንዘብ ላወጡት ሰዎች ነው። እነሱ ማወቅ የፈለጉት ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሠራና ስንት እንደፈጀ ነበር።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ሐዲዱ ላይ የሠራ ሰው አለ። እርግጠኛ ነኝ። አንዳንዶቻችሁ ስትሰሙ ያደጋችሁትን ወሬ «ይህ እኮ የቤት ወሬ ነው፣ ታሪክ አይባልም» ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ታሪክ ነው እላለሁ። ሌላ ቦታ የማይገኝ ታሪክ።

ሁላችሁም የምታውቁትን ምሳሌ ላንሳ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ስለሆነው ነገር እንግሊዞች ብዙ ጽፈዋል። ስንት ወታደር፣ ስንት መድፍ፣ ስንት ዝሆን እንዳመጡ ሳይቀር። የእኛ ሰው ደግሞ እንዲህ አለ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ሁለት ስንኝ ናት። ቀን የላትም፣ ቁጥርም የላትም። ግን ሕዝቡ ስለ ቴዎድሮስ ምን እንዳለ፣ በዙሪያቸው በነበሩት ላይም ምን እንደፈረደ ትነግረናለች። ይህን በየትኛው የጦር ሪፖርት ውስጥ ታገኙታላችሁ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። የኢሳ ሽማግሌዎች ሔር ኢሴ የሚሉት ሕግ አላቸው። ስለ ወንጀል፣ ስለ አስተዳደር፣ ሰው ከሰው ጋር እንዴት መኖር እንዳለበት የሚደነግግ ሙሉ ሕግ ነው። የኖረው በቃል ነው። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሽማግሌ ወደ ወጣት ሲወርድ መጣ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ ድሮ እንዲህ ያለ ጉዳይ እንዴት እንደተፈረደ የሚያስታውስ ሰው ይነሳና ይናገራል። በ2017 ዓ.ም. ዩኔስኮ ይህንን ሕግ የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ ብሎ መዘገበው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የጎረቤቶቻችን የሐረሪዎች ሹዋሊድ በዓል ተመዝግቧል። ዓለም ዋጋ ሰጥቶታል። የኛ ልጆችስ ሰምተውት ያውቃሉ?

ሐረርን ካነሳሁ አይቀር የአሹራን ነገር ልበል። በአሹራ ሌሊት ለጅብ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል። ጅቡ ጠግቦ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ነው ይባላል። ለምን ቢባል ታሪኩ ይነገራል። ድሮ ከባድ ረሃብ ሆነ፣ ጅቦች ሰው ማጥቃት ጀመሩ፣ ቅዱሳኑ መከሩና ጅቡን ገንፎ እናብላው አሉ ይላል። ይህ ታሪክ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ አይነግረንም። የታሪክ ሰው ታዲያ ምን ያደርገዋል? እኔ ብዙ ነገር አገኝበታለሁ። ረሃብ ሲመጣ ከተማዋ ምን እንደፈራች አይበታለሁ። ችግር ሲመጣ ማን ተሰብስቦ እንደሚመክር አይበታለሁ። ደግሞ ሐረሮች ከጅብ ጋር ለምን እንዲህ ተላምደው እንደሚኖሩ፣ ቱሪስቱ ፎቶ ብቻ አንስቶት የሚሄደውን ነገር፣ ከሥሩ የሚያስረዳኝ ይኸው ታሪክ ነው።

አንዳንድ ወጣቶች ይጠይቁኛል። «ጋሼ፣ ሰው እኮ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። እንዴት እንመነው?» ጥያቄው ትክክል ነው፣ በደንብ ልመልሰው። አዎ፣ የቃል ታሪክ ይለወጣል። ዘር ሲቆጠር በመሃል ያሉ አያቶች ይዘለላሉ። ጀግናው እየጀገነ ይሄዳል። የኛ ወገን ያጠፋው ጥፋት ቀስ በቀስ ይጠፋል። በርጫ ላይ ሞቅ ሲል የተወራ ወሬ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ወረቀትስ? ወረቀትም ጸሐፊ አለው፣ ጸሐፊውም አለቃ አለው። ጣሊያን ግንቦት 1928 ድሬን ከያዘ በኋላ ስለዚህ ሕዝብ የጻፈውን እንዳለ እንመነው? አንቀበለውም። መርምረን፣ አነጻጽረን ነው የምንወስደው። የቃሉንም እንደዚያው እናድርገው።

መመርመሩም ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ቃል ከመቀበላቸው በፊት እገሌ ከማን ሰማ፣ ያኛውስ ከማን ሰማ ብለው ሰንሰለቱን ይፈትሹታል። የቅኔ መምህርም ከማን እንደተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደተማረ ይቆጥራል። የኦሮሞ አባቶች በገዳ ሲቆጥሩ እያንዳንዱ ዘመን 8 ዓመት ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር በየትኛው አባ ገዳ ጊዜ ሆነ ካሉን ወደ ዓመት መልሰን ማስላት እንችላለን። ስለዚህ አንድ አባት ሲያወሩን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለብን «ይህን ከማን ሰሙት?» ብለን ነው። አይተውት ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከአያታቸው ሰምተውት ከሆነ ሌላ ነው። ሁለቱም ይጠቅማል፣ ግን መለየት አለበት። ያንኑ ታሪክ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው በሌላ መልክ ከነገረን ደግሞ እሰየው። አንዱን አንጣል። ሁለቱንም እንያዝ። ልዩነቱ ራሱ ብዙ ይነግረናል።

አሁን ከባድ ነገር ላነሳ ነው፤ ይቅር በሉኝ። የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ያን ሌሊት ከእናንተ መሃል የማያስታውስ ካለ ያኔ ሕፃን የነበረ ነው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ ተብሎ ተጽፏል። ያልተገኙም አሉ። ቁጥሩ ተጽፏል፣ ይህ መልካም ነው። ግን ውሃው ከመድረሱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ እንደተሰማ የት ተጽፏል? ማን የማንን በር አንኳክቶ እንዳወጣ? የትኛው ቤት ጣሪያ ላይ ስንት ቤተሰብ እንዳደረ? ሙስሊሙ ክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑ ሙስሊሙን እንዴት እንደቀበረ? ሽማግሌዎችስ ስለዚያ አሸዋ፣ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ስለሚከርመው፣ ከዚያ በፊት ምን ይሉ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱት ዛሬም በሕይወት አሉ። ከፊሎቹ እዚህ ተቀምጠዋል። ወንዙ ወደ የት ወደ የት እንደሄደ፣ የትኛው ሰፈር ቀድሞ እንደተመታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ እኮ ለትዝታ ብቻ አይደለም። ነገ እዚያ ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

በየዓመቱ ስንት ቀብር እንደምንሄድ ታውቃላችሁ። ከቀብር ስንመለስ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን «እሳቸው እኮ ስንት ነገር ያውቁ ነበር» እንባባላለን። እኔ ይህን ንግግር መስማት ሰልችቶኛል፤ በእውነት አሞኛል። እያወቅን ለምን ሳንጠይቃቸው ቀረን?

ልመናዬ ይኸው ነው። ሁላችሁም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ፣ ስልኩም ድምፅ ይቀዳል። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ካሉት ወይም ከጎረቤት ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ጋ ሂዱ። አስፈቅዱ። መቅዳት አልፈልግም ካሉ ይከበርላቸው፤ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ከፈቀዱ ደግሞ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የሚናገሩትን ሰው ስም በድምፅ ተናገሩ። ያለዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። በሚቀናቸው ቋንቋ ያውሩ፦ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛም ቢሆን። ወደ አማርኛ እንዲመልሱላችሁ አታስቸግሯቸው፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። አታቋርጧቸው። ዝም ሲሉም አትቸኩሉ፣ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ከዝምታው በኋላ ነው የሚመጣው። እናቶችን አትርሱ፤ አባቶች ስለ ሥራና ስለ ጦርነት ሲያወሩ ቤቱ እንዴት እንደኖረ፣ ማን ከማን ተበድሮ እንዳደረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደግሞ ቅጂው ስልካችሁ ላይ ብቻ አይቅር። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ለሌላ ሰውም ላኩ።

ሐረር ሄዳችሁ የሸሪፍን ሙዚየም ያያችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው ነው የጀመረው። አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የድሮ ጽሑፍ፣ ዕቃ፣ የሐረሪ ዘፈን ቅጂ ከየሰዉ ቤት እየለመኑ ሰበሰቡ። መጀመሪያ የራሳቸው ቤት ውስጥ ነው ያስቀመጡት። እኛ ድሬዎች ይህን ሁሉ ሰው ይዘን ተባብረን እንዲህ ማድረግ ያቅተናል? አያቅተንም።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ደብተር አለ። ማንን ልትጠይቁ እንደምትችሉ፣ ወይም ራሳችሁ ልትናገሩ የምትፈልጉትን ጻፉልን። መጻፍ የማይመቻችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው፣ እነሱ ይጽፉላችኋል። የቀዳችሁትን ይዛችሁ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ እዚሁ እንገናኝ፣ አብረን እንሰማለን።

እኔ በቃኝ። ከፊት የተቀመጡት አባታችን ምድር ባቡር ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠሩ ናቸው። ስለ ማታው ባቡርና ስለ ጋራዡ ሊያወሩን ፈቅደዋል። አባባ፣ ማይክራፎኑ ይኸው፤ ልጆች፣ ስልኮቻችሁን ክፈቱና ቅዱ።