የ5ኛ ክፍል ሒሳብ የትምህርት ዕቅድ፦ ታሕታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመርና መቀነስ

የትምህርት ዓይነት፦ ሒሳብ
ክፍል፦ 5ኛ ለ፣ 52 ተማሪዎች፣ በአንድ ዴስክ ሁለት ሁለት
ጊዜ፦ ኅዳር ሦስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞና ረቡዕ፣ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ
ቅድመ ዕውቀት፦ ላዕልና ታሕትን መለየት፣ ታሕታቸው አንድ የሆነ ክፍልፋዮችን መደመር፣ እስከ 12 ያለውን የማባዣ ሰንጠረዥ

የትምህርቱ ዓላማ

ከሁለቱ ክፍለ ጊዜያት በኋላ ተማሪዎች፦

- ለአንድ ክፍልፋይ ቢያንስ ሁለት አቻ ክፍልፋዮች ይጽፋሉ፤ አቻ መሆናቸውንም በወረቀት ቁራጭ ለክተው ያሳያሉ።
- ታሕታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን ያወዳድራሉ።
- ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልገው ሁለት ክፍልፋዮችን ይደምራሉ፣ ይቀንሳሉ።
- መልሳቸው ምክንያታዊ መሆኑን ሳይሰሉ በግምት ይፈትሻሉ።

አራተኛው ዓላማ ብዙ ጊዜ ከዕቅድ ይቀራል። ይሁን እንጂ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ የጻፈን ልጅ ከስሕተቱ የሚመልሰው እሱ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም ቀን ጊዜ ተመድቦለታል።

መርጃ መሣሪያዎችና ዝግጅት

ለእያንዳንዱ ዴስክ 24 ሳ.ሜ ርዝመትና 3 ሳ.ሜ ስፋት ያላቸው ስድስት የወረቀት ቁራጮች ያስፈልጋሉ። 24 የተመረጠው ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6 እና ለ12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው፤ ቁራጩ 20 ወይም 25 ሳ.ሜ ከሆነ ሲሶው በማስመሪያ ላይ ሙሉ ቁጥር አይሆንም። ከአንድ ኤ4 ወረቀት ሰባት ቁራጭ ይወጣል። 26 ዴስክ በስድስት 156 ቁራጭ ስለሆነ 23 ወረቀት ይበቃል፤ የሚቀደድና የሚበላሽ ስለማይጠፋ 25 ይዘጋጅ። በአንድ ገጹ የተጻፈበት አሮጌ ወረቀት ይሠራል። ቁራጮቹ ከዋዜማው ተቆርጠው ለየዴስኩ በስድስት በስድስት ይታሰሩ፤ ክፍል ውስጥ ማስቆረጥ ግማሹን ክፍለ ጊዜ ይበላል።

ከዚህ ሌላ ማስመሪያ (ቢያንስ ለአንድ ዴስክ አንድ)፣ ሁለት ቀለም ጠመኔ፣ ለመምህሩ ደግሞ 120 ሳ.ሜ ርዝመት ያለው ካርቶን ከኋላ ወንበር እንዲታይ ይዘጋጃል።

ክብ ሥዕል በዚህ ትምህርት አንጠቀምም። እንጀራ ለግማሽና ለሩብ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ልጆች ክብን በእጃቸው ለሦስትና ለስድስት ሲከፍሉ ግን ክፍሎቹ እኩል አይሆኑም፣ ከዚያ 1/3 ከ1/4 ያነሰ መስሎ ይታያቸዋል።

የመጀመሪያው ቀን፦ አቻ ክፍልፋዮች

*መግቢያ (5 ደቂቃ)።* መምህሩ ሰሌዳው ላይ 1/3 እና 1/4 ጽፎ «የቱ ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎች እጅ አውጥተው ይመርጣሉ፤ ቁጥሩ ሰሌዳው ጥግ ላይ ይመዘገባል፣ ትክክሉ ግን አሁን አይነገርም። 4 ከ3 ስለሚበልጥ 1/4 ይበልጣል የሚሉ ብዙ ይኖራሉ።

*ማጠፍና ምልክት ማድረግ (15 ደቂቃ)።* አንደኛው ቁራጭ ሳይታጠፍ ይቀመጣል፤ «1 ሙሉ» ተብሎ ይጻፍበታል። ሁለተኛው አንዴ ይታጠፋል፣ ግማሽ። ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፣ ሩብ። አራተኛው ለሦስት ይከፈላል፤ ይህን በግምት ማጠፍ ስለማይቻል በማስመሪያ 8 እና 16 ሳ.ሜ ላይ ምልክት አድርገው ይጠፉ። አምስተኛው በተመሳሳይ መንገድ ለሦስት ከታጠፈ በኋላ አንዴ ይደገማል፣ ስድስት ክፍል ይሆናል። ስድስተኛውን አጥፎ 12 ለማድረስ መሞከር አይመከርም፤ ወረቀቱ ይወፍርና እጥፋቶቹ ይዛነፋሉ። በየ2 ሳ.ሜ መስመር ይሰመርበት።

በእያንዳንዱ ክፍል ላይ 1/2፣ 1/3 ... እያሉ ይጻፉ። መምህሩ እየዞረ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈትሸው የቁራጮቹ ጠርዝ በግራ በኩል መገጠሙን ነው። ግማሽ ሳ.ሜ ወደ ቀኝ የተንሸራተተ ቁራጭ አቻዎቹን ሁሉ ያፋልሳል፣ ልጁም ስሕተቱ የሒሳብ ይመስለዋል።

*ማነጻጸር (12 ደቂቃ)።* ስድስቱ ቁራጮች አንዱ ከአንዱ በታች ይደረደራሉ። ተማሪዎች ማስመሪያቸውን ቀጥ አድርገው 12 ሳ.ሜ ላይ ያቆሙና መስመሩ የነካቸውን እጥፋቶች ያነባሉ፦

1/2 = 2/4 = 3/6 = 6/12

ከዚያ 8 ሳ.ሜ ላይ፦ 1/3 = 2/6 = 4/12። 18 ሳ.ሜ ላይ፦ 3/4 = 9/12። ሦስቱ መስመሮች ሰሌዳው ላይ ከሰፈሩ በኋላ መምህሩ «ከ1/3 ወደ 4/12 ስንሄድ ላይና ታች ምን ሆነ?» ይላል። «ሁለቱም በ4 ተባዙ» የሚለውን መልስ ልጆቹ ራሳቸው እስኪያወጡት ይጠበቅ፤ ሕጉን ቀድሞ መናገር የማጠፉን ሥራ ዋጋ ያሳጣዋል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ታሕቱን ብቻ ማባዛት ነው፤ 1/2 = 1/6 ብሎ የጻፈ ልጅ ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን አስቀምጦ 12 ሳ.ሜ እና 4 ሳ.ሜ መሆናቸውን ይለካ።

በመጨረሻም ወደ መግቢያው ጥያቄ ተመልሶ 1/3 = 8 ሳ.ሜ፣ 1/4 = 6 ሳ.ሜ መሆኑ ይታያል።

*ምዘና (8 ደቂቃ)።* በደብተር፣ ለየብቻ፦ ሀ) 2/3 = □/6፣ ለ) 3/4 = □/12፣ ሐ) 5/6 እና 3/4ን አወዳድሩ። መልስ፦ 4፣ 9፣ 5/6 ይበልጣል (10/12 እና 9/12)። «ሁለቱም አንድ ክፍል ስለጎደላቸው እኩል ናቸው» የሚል ልጅ ከተገኘ የጎደለው ክፍል መጠን ይጠየቅ፦ አንዱ የጎደለው 4 ሳ.ሜ ነው፣ ሌላው 6። ቁራጮቹ ለነገ ስለሚፈለጉ በየዴስኩ ታስረው ይሰብሰቡ።

ሁለተኛው ቀን፦ መደመርና መቀነስ

*መግቢያ (6 ደቂቃ)።* 1/2 + 1/3 ስንት ነው? ግምቶች ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይጻፋሉ። 2/5 መምጣቱ አይቀርም። «ትክክል አይደለም» ከማለት ይልቅ መምህሩ ይህን ይጠይቅ፦ «ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ጨመርን። መልሱ ከግማሽ ሊያንስ ይችላል?» 24 ሳ.ሜ ለ5 ሲካፈል 4.8፣ ሁለቱ 9.6 ሳ.ሜ ይሆናል። ግማሹ ብቻውን 12 ሳ.ሜ ነው። ልጆቹ 2/5 ሊሆን እንደማይችል ዐውቀው ወደ ሕጉ ይገባሉ።

*አቀራረብ (12 ደቂቃ)።* የ1/2 (12 ሳ.ሜ) እና የ1/3 (8 ሳ.ሜ) ክፍሎች ጫፍ ለጫፍ ይገጠማሉ፤ ድምሩ 20 ሳ.ሜ ነው። የአምስተኛው ቁራጭ አንድ ክፍል 4 ሳ.ሜ ስለሆነ 20 ሳ.ሜ አምስት ክፍል ነው፣ 5/6። ቀጥሎ በቁራጭ ሳይሆን ሰሌዳ ላይ፦

1/4 + 1/6
የ4 ብዜቶች፦ 4፣ 8፣ 12
የ6 ብዜቶች፦ 6፣ 12
ትንሹ የጋራ ብዜት፦ 12
3/12 + 2/12 = 5/12

ማረጋገጫ፦ 6 + 4 = 10 ሳ.ሜ፣ ይህም አምስት የ2 ሳ.ሜ ክፍል ነው። ታሕቶቹን አባዝቶ 10/24 ያገኘ ተማሪ አልተሳሳተም፤ መልሱ ተቀባይነት ያገኛል፣ በ2 አካፍሎ እንዲያቃልል ይጠየቃል።

መቀነስ በአንድ ምሳሌ ይበቃል፦ 5/6 − 1/4 = 10/12 − 3/12 = 7/12። ከአንድ ሙሉ የሚያልፍ ድምርም ሳይታይ አይለፍ፦ 3/4 + 1/2 = 3/4 + 2/4 = 5/4 = 1 1/4። በቁራጭ 18 + 12 = 30 ሳ.ሜ፣ ከ24ቱ የተረፈው 6 ሳ.ሜ ሩብ ነው።

*የቡድን ሥራ (12 ደቂቃ)።* የፊት ዴስክ ወደ ኋላ ይዞርና 13 ቡድን በአራት በአራት ይሆናል። በቡድኑ ውስጥ ሁለቱ ያሰላሉ፣ ሁለቱ በቁራጭ ይለካሉ፤ በየጥያቄው ሥራ ይቀያየራሉ። ይህ ካልተነገረ ጎበዙ ልጅ ብቻውን ጨርሶት ሌሎቹ ይገለብጣሉ።

1. 1/2 + 1/6
2. 2/3 + 1/4
3. 5/6 − 1/2
4. አንድ ገበሬ የማሳውን 1/3 ጤፍ፣ 1/4 ስንዴ ዘራ። ያልተዘራው የማሳው ስንት እጅ ነው?

መልስ፦ 2/3፣ 11/12፣ 1/3፣ 5/12። በአራተኛው ላይ 7/12 ብለው የሚያቆሙ ይኖራሉ፤ ያገኙት የተዘራውን ነው፣ ከ12/12 መቀነስ ይቀራቸዋል።

*ምዘና (10 ደቂቃ፣ ከ10 ነጥብ)።* በግማሽ ወረቀት፣ ያለ ቁራጭ።

1. 2/3 = □/12 (1 ነጥብ)
2. ከ3/4 እና ከ5/6 የሚበልጠውን ጽፋችሁ ምክንያቱን አስረዱ (2)
3. 1/3 + 1/6 (2)
4. 3/4 − 1/6 (2)
5. እናት 1/2 ኪሎ ምስር ገዛች። ከዚያ ላይ 1/3 ኪሎ ሠራችበት። ስንት ኪሎ ተረፈ? (3)

መልስ፦ 8፤ 5/6፤ 1/2፤ 7/12፤ 1/6 ኪሎ። በ3ኛውና በ4ኛው የጋራ ታሕት ላገኘ አንድ፣ ለመልሱ አንድ ነጥብ ይሰጣል። በ5ኛው መቀነስ መሆኑን ለለየ 1፣ ለስሌቱ 1፣ ለመልሱ ከነመለኪያው 1። ጥያቄው ሲነበብ «1/3 ኪሎ» ውስጥ ያለው «ኪሎ» እንዳይዘለል፤ «1/3ኛውን ሠራች» ከተባለ የግማሽ ኪሎው ሲሶ ይሆንና የተረፈው 1/3 ኪሎ ነው። ያ ደግሞ የማባዛት ትምህርት ነው፣ ገና አልደረሱበትም።

ከምዘናው በኋላ

ወረቀቶቹ በዚያው ዕለት ይታረሙና በሦስት ይከፈሉ። 8 እና ከዚያ በላይ ያገኙ፦ 1/2 + 1/3 + 1/4ን ይሥሩ (መልስ 13/12፣ ማለትም 1 1/12)። ከ5 እስከ 7 ያገኙ ስሕተታቸው አብዛኛውን ጊዜ የማባዣ ሰንጠረዥ ወይም የማቃለል ነው፤ ራሳቸው አርመው ያስረክቡ። ከ5 በታች ያገኙ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ 20 ደቂቃ ቁራጮቹን ይዘው ይቀመጣሉ፤ በመጀመሪያ የሚሠሩት 1/2 + 1/4 ነው፣ አንዱ ታሕት የሌላው ብዜት ስለሆነ የሚለወጠው አንዱ ክፍልፋይ ብቻ ነው። ከዚያ 1/2 + 1/3።

3ኛውን ጥያቄ የሳቱት ከ17 በላይ ከሆኑ፣ ማለትም ከክፍሉ ሲሶው ያህል ከሆነ፣ ችግሩ የማስተማሩ ነው፤ የሐሙሱ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ 15 ደቂቃ የሁለተኛውን ቀን አቀራረብ በ1/3 + 1/6 ለመድገም ይውላል፣ አዲሱ ርዕስ ከዚያ በኋላ ይጀመራል።

የቤት ሥራ

ሀ) 1/4 + 1/3፣ ለ) 2/3 − 1/2፣ ሐ) 5/6 + 2/3። ለእያንዳንዱ ከመሥራታቸው በፊት መልሱ ከግማሽ፣ ከአንድ ሙሉ ይበልጥ እንደሆነ ወይም እንደሚያንስ በጎኑ ይጻፉ። መልስ፦ 7/12፣ 1/6፣ 1 1/2።