ሐይቅና ባቲ

ለባንዱ፦ ይህ ዘፈን ደሴ አዳራሽ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ የሚዘፈን ነው። ሙሽሪት የሐይቅ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት። ሙሽራው የባቲ ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ስለዚህ በባቲ ቅኝት እንጀምራለን። የሙሽሪት ተራ ሲደርስ ወደ አምባሰል እንዞራለን። መጨረሻው ችክችካ ነው። ማንንም በስም ጠርተን አንቀልድም። እናት፣ አባት፣ አክስት፣ አያት ማለት ይበቃል፤ ሰው ራሱን ያውቃል።

መግቢያ
(በባቲ ቅኝት፣ ቀስ ብሎ። ማሲንቆና ሳክስፎን ብቻ።)

ከጦሳ ተራራ ጉሙ ወርዶ ወርዶ፣
ደሴ ተገናኘ ዘመድ መንገድ ሄዶ።
ከባቲ ተነሳ ሽርጡን አሸርጦ፣
ጋቢ ይለምናል ደሴ ላይ ተቀምጦ።
ስጡት እንጂ ጋቢ፣ የሐይቅ እናቶች፣
ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁ አማቶች።

አዝማች
(ድራምና ቤዝ ይግቡ። ሕዝቡ ሁለተኛውን ቃል ይቀበል።)

ሐይቅና ባቲ — ተጋቡ፣ ተጋቡ!
አባት ከአባት ጋር — ተግባቡ፣ ተግባቡ!
እናት ከእናት ጋራ ወጥ ቤት ተሳሳቡ፣
ልጆቹን ረስተው ስለ ወጡ አሰቡ።

የአባቶች
(ዘፋኙ ወደ አባቶቹ ጠረጴዛ ይጠጋ። ማይክ አይስጣቸው፤ ክርክሩ እንደገና ይጀመራል።)

የሙሽራው አባት ባቲ ነው ገበያው፣
ግመል ሲሸጥ ኖሮ ክርክር ነው ሙያው።
ሽማግሌ ልኮ «አጃቢ መቶ» አለ፣
የልጅቷ አባት «ሠላሳ!» ብሎ ማለ።
«ሰባ በል፣ ወንድሜ!» «አርባ ይብቃህ፣ እንካ!»
ሲሉ አቦል አለቀ፣ ደረሰ በረካ።
ስድሳ ላይ ተስማሙ፣ እጅ ተመታና፣
ሁለት መቶ ሆኖ ገባ ሰው በደህና!

(እዚህ ላይ ድራሙ አንዴ ይምታና ዝም ይበል። ሰው ስቆ እስኪጨርስ እንጠብቃለን። ከዚያ አዝማች።)

የሙሽሮቹ
(ወደ አምባሰል እንዞራለን። ክራሩ ይምራ።)

ባቲ ኮምቦልቻ ጭነት የሚነዳው፣
ሐይቅ በየሳምንቱ ምን ሊጭን ወሰደው?
ባቲ ሥጋ ሞልቶ፣ ፍየል ተትረፍርፎ፣
ሐይቅ ተመላለሰ ደሴን እያለፈ አልፎ።
«ዓሣ አማረኝ» ብሎ ለእናቱ ነግሮ፣
ለካስ መረቡ ውስጥ እሱ አለ ዘንድሮ!

ሙሽሪት ነርስ ናት፣ ለሰው የምትራራ፣
እሱን ግን አስያዘች ሁለት ዓመት ተራ።
ካርድ አውጥቶ ጠበቀ ወረፋውን ታግሶ፣
ዛሬ ስሙ ተጠራ፣ ገባ ሱፉን ለብሶ።

(«ስሙ ተጠራ» ሲባል ሚዜዎቹ ሙሽራውን ያስነሱት። እልልታው ካልመጣ መስመሩ ይደገም።)

የእናቶች
(አሁንም አምባሰል። ድምፁ ለስለስ ይበል። እናት ላይ ስንቀልድ ፍቅሩ መሰማት አለበት።)

የሙሽሪት እናት «አላለቅስም» ብለው፣
ለጎረቤት ሁሉ ሲምሉ ከርመው፣
ገና ልጅት ስትገባ፣ ገና በሩ ሲከፈት፣
ነጠላው ራሰ ከጫፍ እስከ ጥለት።
እማማ፣ አያልቅሱ፣ ባቲ መች ይርቃል፣
ቁርሱን ሐይቅ የበላ ለምሳ ይደርሳል።

የሙሽራው እናት ገና ከመግባታቸው፣
«ከሳችብኝ» አሉ ስለ ምራታቸው።
አንድ ጉርሻ ሰጧት፣ ሦስት አራት አደረሱ፣
ቬሎው የኪራይ ነው፣ ቀስ ብለው ያጉርሱ!

ምርቃት
(ድራም የለም፤ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ። ይህ ክፍል ቀልድ አይደለም። ዘፋኙ ሽማግሌዎቹ ፊት ዝቅ ብሎ ይዝፈነው። በሁለቱም ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ ምርቃቱ ለሁሉም ይድረስ።)

ሁለት ድስት ተጣደ፣ ሁለት ሠንጋ ወጣ፣
አንድም ወሎዬ ሰው ከማዕድ እንዳይታጣ።
ቀሪቦው ለሼሁ፣ ጠጁ ለቄስ አጎት፣
ቡናው ግን የጋራ፣ በአንድ ረከቦት።
«አሚን» ይላል አንዱ፣ «አሜን» ይላል አንዱ፣
ምርቃቱ አንድ ነው፦ ውለዱ፣ ክበዱ!
ቤታችሁ ይሙቅ፣ እንግዳ አይጥፋበት፣
የቦርከና ውኃ አይንጠፍ ከደጃችሁ ፊት።

(ሽማግሌዎቹ መመረቅ ከፈለጉ ይመርቁ። ሙዚቃው ከሥር ቀስ ብሎ ይቆያቸው። ማንም አያቻኩላቸው።)

የአክስቶች
(ኪቦርዱ ብቻውን ይጀምር፤ ፍጥነቱ በየመስመሩ ይጨምር።)

የሙሽሪት አክስቶች አንድ አደራ አላቸው፣
«ሽንኩርት መክተፍ ይልመድ» ይህ ነው ቃላቸው።
ሌሊት ተረኛ ናት፣ ጠዋት ነው መምጫዋ፣
ሻይ አፍልቶ ይጠብቅ፣ ይህ ነው ምርጫዋ።

የሙሽራው አክስቶች ተቀበሉ ፈጥነው፦
«ሻዩን ያፈላዋል፣ ሽንኩርቱ እንጃ ነው!»

ቅብብል
(ችክችካ። አዳራሹ ለሁለት ይከፈል። ለየወገኑ አንድ አንድ አውጪ ይቁም። አዲስ ግጥም የመጣለት ሰው ካለ ባንዱ ቦታ ይስጠው፤ ወሎ ውስጥ ግጥም የሚያጣ ሰርግ የለም።)

የሐይቅ ወገን፦
የባቲ ሚዜዎች ሱፍ ለብሰው መጡ፣
«እስክስታ!» ሲባሉ ዞረው ተቀመጡ።

የባቲ ወገን፦
ብርዱ ይዞን እንጂ ትከሻ መች አጣን፣
ጋቢውን ያዙልን፣ ይኸው እኛም መጣን!

የሐይቅ ወገን፦
ጥሎሹን አየነው፣ ቀሚሱም አማረ፣
የእህትየው ሽቶ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

የባቲ ወገን፦
ሽቶው መች ቀረና፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል፣
ቁልፉን የያዘው ሰው ጥሬ ሥጋ ይዟል!

የሐይቅ ወገን፦
ልጃችን መንገድ ላይ ፀሐይ እንዳትነካት፣
የባቲ ሙቀት ነው፣ ጥላ ያዙላት።

የባቲ ወገን፦
ጥላውስ ይያዛል፣ እናታችን አሉላት፣
ቀን በማራገቢያ፣ ማታ በተረት።

ሁለቱም ወገን፦
አባቶቹን እዩ፣ ጥግ ይዘው ያወራሉ፣
ገና ላልመጣ ልጅ ስም ይከራከራሉ!

(አዝማች፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱ እናቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መሀል ይግቡ። ሙሽሮቹም ይነሱ።)

ሐይቅና ባቲ — ተጋቡ፣ ተጋቡ!
አክስት ከአክስት ጋር — ተግባቡ፣ ተግባቡ!
ሚዜና ሚዜማ ጠረጴዛ ከበቡ፣
እስክስታውን ትተው ክትፎ ላይ ዘመቱ፣ አልጠገቡ!

መዝጊያ
(ሙሉ ባንድ። ዘፋኙ ወደ ሙሽራው አያት ይሂድና እጃቸውን ይያዝ። ሰው ክብ ይሥራ።)

የሙሽራው አያት «ጉልበቴን» የሚሉ፣
ከዘራውን ጥለው ይመጣሉ አሉ!
ቦታ ልቀቁላቸው፣ መሀል ይግቡና፣
ሐኪሙ ካየዎት አይሰጥም ኪኒና!

(እሳቸው እስኪደክማቸው አናቆምም።)