ክፍል 5፦ የፈቃድ አወሳሰድ

ሠላሳ ሰው በሚሠራበት ድርጅት የአንድ ሰው መቅረት ወዲያው ይታያል። ይህ ክፍል የተጻፈው ማንም ሳይሳቀቅ ፈቃዱን እንዲወስድ፣ በሥራ ላይ ያሉትም ሥራ እንዳይደራረብባቸው ነው። ሕጉ ወይም የሥራ ውልዎ እዚህ ከተጻፈው የተሻለ የሚሰጥዎ ከሆነ፣ የሚሠራው የተሻለው ነው።

የዓመት ፈቃድ

በዓመት 16 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ያገኛሉ። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል፤ አምስት ዓመት የሞላው ሠራተኛ 18 ቀን አለው ማለት ነው። ዓመት ላልሞላው ስሌቱ 16ን ለ12 አካፍሎ በሠራበት ወር ማብዛት ነው፤ ለሰባት ወር 9.33 ይመጣል፣ እኛ ወደ 9.5 ከፍ እናደርገዋለን።

የሥራ ቀናችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና የሕዝብ በዓል ከፈቃድዎ አይቀነሱም። ሰኞ ወጥተው በቀጣዩ ሰኞ ቢመለሱ፣ በመካከሉ ሐሙስ በዓል ከሆነ፣ የሚቀነሰው አራት ቀን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ቅጹን ሲሞሉ የቀኑን ቁጥር ራስዎ ቆጥረው ይጻፉ፤ የሰው ኃይል ኃላፊዋም ትቆጥራለች፣ ካልተስማማ ከመውጣትዎ በፊት ይታረማል።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። እስከ 3 ቀን ለሚሆን ፈቃድ ከ5 የሥራ ቀን በፊት፣ ከዚያ ለሚበልጥ ከ15 የሥራ ቀን በፊት የፈቃድ ቅጹን ሞልተው ለቅርብ ኃላፊዎ ይስጡ። ቅጹ ላይ ሥራዎን የሚሸፍንልዎ ባልደረባ ይፈርማል። ኃላፊው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት፤ ከዘገየ በቀጥታ ወደ ሰው ኃይል ይሂዱ። ዝምታ እንደ እሺታ አይቆጠርም። የተፈረመውን ቅጽ ሳይዙ የጉዞ ትኬት አይግዙ፤ ፈቃዱ ቢከለከል ድርጅቱ የትኬቱን ገንዘብ አይተካም።

አምስትና ከዚያ በታች ሰው ካለው ክፍል በአንድ ጊዜ አንድ ሰው፣ ከዚያ ከሚበልጠው ሁለት ሰው ብቻ ይወጣል። ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ከጠየቁ ቀድሞ ያመለከተው ይቀድማል። በዓል ሰሞን ላይ ግን ባለፈው ዓመት በዚያው ሰሞን ያልወጣው ይቀድማል፤ አለበለዚያ ቅጽ ለማስገባት የፈጠነ ሰው በየዓመቱ ያንኑ በዓል ይይዛል።

በሥራ ብዛት ኃላፊው በጽሑፍ ያዘገየው ፈቃድ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ፈቃድ በገንዘብ የሚለወጠው ሥራ ሲለቁ ብቻ ነው፤ ያኔ የቀረው ቀን ሁሉ ይከፈልዎታል። በፈቃድ ላይ ሳሉ ድርጅቱ ከጠራዎ ያልተጠቀሙበት ቀን ይመለስልዎታል፣ የመመለሻ የጉዞ ወጪዎንም ድርጅቱ ይሸፍናል።

የሕመም ፈቃድ

ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ካልተቻለም በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ለቅርብ ኃላፊዎ ይደውሉ። መደወል ካልቻሉ የቤተሰብ ሰው ሊደውልልዎ ይችላል። ለባልደረባ ብቻ መንገር አይበቃም፤ መልእክቱ ሳይደርስ ይቀርና ሳያሳውቁ እንደቀሩ ይመዘገባል።

ለአንድ ቀን ሕመም የሐኪም ወረቀት አንጠይቅም። ከሁለት ተከታታይ ቀን ጀምሮ ግን የግድ ነው፤ በተመለሱ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ያስረክቡ። ወረቀቱ የሐኪሙ ፊርማ፣ የጤና ተቋሙ ማኅተምና የእረፍቱ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ሊኖረው ይገባል፤ ከጤና ተቋሙ ከመውጣትዎ በፊት ሦስቱንም ይመልከቱ። የሕመሙን ዓይነት ለኃላፊዎ የመናገር ግዴታ የለብዎትም።

በ12 ወር ውስጥ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በዓመት ፈቃድ ላይ ሳሉ ቢታመሙና ወረቀት ቢያመጡ፣ የታመሙባቸው ቀናት ወደ ሕመም ፈቃድ ይዛወራሉ።

ወሊድ፣ ሀዘንና ጋብቻ

እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ትወስዳለች። ለእርግዝና ምርመራ የምትቀርበት ሰዓት ከምንም አይቀነስም፤ የምርመራውን ወረቀት ማሳየት ይበቃል። አባት 3 ተከታታይ ቀን አለው።

ለራስ ጋብቻ 3 የሥራ ቀን እንሰጣለን። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ለሞተበትም እንዲሁ 3 የሥራ ቀን ይሰጣል። ለሀዘን ቅጽ አስቀድመው አይሞሉም፤ ደውለው ይሂዱ፣ ወረቀቱ ሲመለሱ ይሞላል። ሦስቱ ቀን ካልበቃ ከዓመት ፈቃድ መጨመር ይቻላል፤ ኃላፊዎችም ይህን ጥያቄ በዚያው ቀን ይመልሳሉ።

ያለ ክፍያ ፈቃድ

ሌላው ፈቃድ ካለቀና አስቸጋሪ ጉዳይ ከገጠመ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ይፈቀዳል። የሚያጸድቀው ሥራ አስኪያጁ ነው።

ከመውጣትዎ በፊት

የጀመሩትን ሥራ፣ የሚጠበቁ ቀነ ገደቦችንና የሚደውሉ ደንበኞችን በአንድ ገጽ ጽፈው ለሚሸፍንልዎ ባልደረባ ያስረክቡ። ቁልፍና ገንዘብ የሚይዙ ሠራተኞች ርክክቡን በፊርማ ያደርጋሉ፤ ገንዘብ ያዥ ሳያስረክብ ከወጣ ጉድለት ሲገኝ በማን እጅ እንደጎደለ መለየት አይቻልም። የቀረዎትን የፈቃድ ቀን በየወሩ የደመወዝ ወረቀትዎ ግርጌ ላይ ያገኙታል። ስህተት ካዩ በ10 ቀን ውስጥ ለሰው ኃይል ያሳውቁ።